አዲሷን የሕፃናት ነርስ ለቤተሰብ ማስተዋወቅ

አሜሪካ ውስጥ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ አዲስ ነርስ ሲቀጥር ለታካሚ ቤተሰቦች የሚያስተዋውቃት አጭር ጽሑፍ ያወጣል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት አንቀጽ አይበልጥም። ረቂቁን ራሷ ነርሷ ትጽፈዋለች፤ የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ «እኔ» የሚለውን ወደ «እሷ» ቀይሮ ያሳጥረዋል። ችግሩ አብዛኞቹ ጽሑፎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ሕፃናትን ከልቧ ትወዳለች፣ ቡድናችንን በመቀላቀሏ ደስ ብሏታል፣ በትርፍ ጊዜዋ ምግብ ማብሰል ያስደስታታል ይላሉ። ነገ የ2 ወር ልጇን ለማስከተብ የተዘጋጀች እናት ይህን አንብባ ምንም አታገኝበትም። እናቲቱ ማወቅ የምትፈልገው ሴትዮዋ ልጄን ምን ታደርገዋለች፣ በምን ቋንቋ እንግባባለን፣ ሌሊት ቢያተኩሰውስ ለማን እደውላለሁ የሚለውን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ አንዲት ነርስ ቀጠረ እንበል፤ ስሟን ሲስተር እገሊት እንበላት። አዲስ አበባ ተምራ በሕፃናት ክፍል ሠርታለች። አሜሪካ ከመጣች በኋላ የትምህርት ማስረጃዋን አስገምግማ፣ የብሔራዊውን የነርሶች ፈተና አልፋ፣ የሙያ ፈቃድ አግኝታለች። በረቂቋ ላይ «በ2008 ተመረቀች» ብላ ጽፋለች። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሐምሌ 2008 እንደ ፈረንጆቹ ሐምሌ 2016 ይሆናል። እንዳለ ቢወጣ አንባቢው የ8 ዓመት ልምድ ሳያስበው ይጨምርላታል። ሐሰት ለመናገር አላሰበችም፤ ሆኖም ማስረጃዋን ከጽሑፉ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሊጠራጠራት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ይህ ነው።

ቀጥሎ ማዕረጓ ይመጣል። ክሊኒክ ውስጥ ልጁን የሚመዝነውንም፣ መርፌ የሚወጋውንም፣ መድኃኒት የሚያዘውንም ቤተሰብ በአንድ ቃል «ነርስ» ይለዋል። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። አር ኤን የሚባለው ፈቃድ ያለው ነርስ ነው። ሜዲካል አሲስታንት ክትባት ሊሰጥ ይችላል፣ ነርስ ግን አይደለም። ነርስ ፕራክቲሽነር ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት ያለው በመሆኑ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ከስሟ ጎን «አር ኤን» ብሎ ማለፍ ለአብዛኛው ወላጅ ምንም አይነግረውም። «ፈቃድ ያላት ነርስ ናት፤ መድኃኒት የሚያዘው ግን ሐኪሙ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመር ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚነሳውን ግራ መጋባት አስቀድማ ታስቀራለች። ፈቃዱን ማየት የሚፈልግ ወላጅ የነርስ ቦርዶች ማኅበር ባቋቋመው nursys.com ላይ ስሟን ጽፎ በነጻ ማረጋገጥ ይችላል። ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ስም ከፈቃዱ ጋር አንድ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲለዋወጥ ፍለጋው ባዶ ይወጣል።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የቋንቋው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ክሊኒክም የሚቸኩለው እዚሁ ላይ ነው። «አማርኛ ትናገራለች» ተብሎ ከተጻፈ ቤተሰቡ አስተርጓሚ ሳይጠይቅ ይመጣል። በ2010 የወጣው፣ ብዙዎች ኦባማኬር የሚሉት የጤና ሕግ 1557ኛ አንቀጽ ግን ሜዲኬይድን ጨምሮ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ብቃቱ በሕክምና ቃላትም መረጋገጥ አለበት። ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉ የመድኃኒት አወሳሰድ አጥርቶ ማስረዳት ይችላል ማለት አይደለም። ጥሩ ጽሑፍ ስለዚህ ድርብ ሐሳብ ይይዛል፦ ነርሷ ራሷ በአማርኛ ታነጋግራችኋለች፤ ከሐኪሙ ጋር ለሚኖራችሁ ንግግር ደግሞ አስተርጓሚ በነጻ ይመደብላችኋል። እንዲህ ካልተባለ የ10 ዓመት ታላቅ እህት ለእናቷ ስታስተረጉም ትገኛለች፤ ሕጉ ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ይህን አይፈቅድም።

ከዚያ በኋላ የሥራዋ ዝርዝር ይምጣ። «ሩኅሩኅ ናት» ከማለት የምታደርገውን መናገር ይሻላል። በ2 ወር ክትባት ጊዜ አንዱ በአፍ ይንጠባጠባል፣ ሌሎቹ ጭን ላይ ይወጋሉ። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ጡት እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ ይቀንሳል። ይህን የምትፈቅድና የምታግዝ ነርስ ከሆነች ጽሑፉ ይናገርላት፤ እናት ልጇን አልጋ ላይ ይዘውት ይጮኻል ብላ ከመስጋት ትድናለች። ሌላው የሚዛኑ ነገር ነው። የልጆች መድኃኒት መጠን የሚሰላው በኪሎ ሲሆን፣ አሜሪካ የኖረ ወላጅ ግን የልጁን ክብደት በፓውንድ ይናገራል። 22 ፓውንድ የሆነ ሕፃን 10 ኪሎ ገደማ ነው። 22 የሚለው ቁጥር እንደ ኪሎ ከተመዘገበ የመድኃኒቱ መጠን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ነርሷ ሁልጊዜ በኪሎ የምትመዝነው ለምን እንደሆነ ወላጅ ካወቀ «ስንት ፓውንድ ነው?» እያለ አያቋርጣትም፤ ቁጥሩንም አብሯት ያጣራል።

ጽሑፉ በአማርኛ ሲታተም አክብሮቱ አይጉደል። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ሺ» ቢልም፣ እናቶቻችን ነርስን ሲስተር ብለው በአንቱታ የሚያነጋግሩ ናቸው። ሲስተካከል እንዲህ ያለ ይሆናል፦

«ሲስተር እገሊት ፈቃድ ያላቸው የሕፃናት ነርስ ናቸው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመርቀው በሕፃናት ክፍል ሠርተዋል። እኛ ጋር ከተወለዱ ሕፃናት እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ይመዝናሉ፣ ይከትባሉ፣ ወላጆች ሲደውሉም ምክር ይሰጣሉ። ሕፃናትን የሚከትቡት በወላጅ እቅፍ እንዳሉ ነው። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ከወላጆች ጋር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ በነጻ እንመድባለን። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነባር ነርስ አብራቸው ትሠራለች። ሌሊትም ሆነ ቀን ጥያቄ ካላችሁ በክሊኒኩ ስልክ ደውሉ።»

ስለ ነባሯ ነርስ የተጻፈውን ብዙ ክሊኒኮች ማስቀረት ይወዳሉ፤ አዲሷን ያሳንሳታል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን መኖሩን እመርጣለሁ። ወላጅ ሁለት ሰዎች መድኃኒቱን ጮክ ብለው አንብበው ሲያስተያዩ ካየ ምክንያቱን ካላወቀ ይደነግጣል፤ ካወቀ ግን ይረጋጋል።

ያልገቡትም ነገሮች ሆን ተብለው የቀሩ ናቸው። ቀድሞ የረዳችው ልጅ ታሪክ ስሙ ባይጠራ እንኳ አይጻፍም፤ ማኅበረሰባችን ጠባብ ነውና በዕድሜውና በሕመሙ ብቻ ይታወቃል። የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት፣ የግል ስልኳም አይገቡም። በግል ስልኳ የተሰጠ ምክር በልጁ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር፣ በማግስቱ የሚያየው ሐኪም ምን እንደተባለ አያውቅም።

የሚያልፍባቸው ጊዜ ያላቸው ነገሮችም አሉ። የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና የምስክር ወረቀት በ2 ዓመት ያበቃል። የነባሯ ነርስ ክትትልም ከሳምንታት በኋላ ያልቃል። ስለዚህ ጽሑፉ ሲወጣ ማን መቼ እንደሚያድሰው ስሙና ቀኑ ይመዝገብ። ነርሷ ክሊኒኩን ስትለቅ ደግሞ ጽሑፉ በዚያው ቀን ይነሳ፤ አለዚያ ቤተሰቦች አማርኛ የምታነጋግራቸውን ሲስተር ብለው ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ።