ዕቃው ለላኪው ሲመለስ፦ ገዢው ገንዘቡን ወይም ዕቃውን የሚያገኝበት መንገድ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ መነጽር እጀምራለሁ። እኅቴ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ፣ በይጁቤ፣ መምህርት ናት። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲቃረብ መነጽሯ ተሰበረ። የሐኪም ማዘዣዋን ለአንድ የአዲስ አበባ ሻጭ በቴሌግራም ላከች። ሻጩም «ዋጋው 3,400 ብር፣ ማጓጓዣው 300 ብር፤ ይጁቤ ድረስ እናደርሳለን» ብሎ ጻፈላት። እርሷም 3,700 ብሩን በቴሌብር ከፈለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሻጩ የመጣው መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፦ «አጓጓዡ ሦስት ጊዜ ደውሎ ስላላገኘዎት ዕቃው ተመልሷል። እንደገና እንዲላክ 300 ብር ይጨምሩ፤ ገንዘብ ግን አንመልስም።» እኅቴ ግን በእነዚያ ቀናት ስልኳን አጥፍታ አታውቅም፤ ከማታውቀው ቁጥርም አልተደወለላትም። የፈተና ወረቀቱ ክምር ጠረጴዛዋ ላይ እየጠበቃት ነበር።

በዚህ ጊዜ ብዙ ገዢዎች አጓጓዡን ሲወቅሱ ይውላሉ። የነገሩ ቁልፍ ግን ሌላ ነው። ዕቃው ተመልሶ ሻጩ ዘንድ ሲደርስ፣ ዕቃውም ዋጋውም በአንድ ሰው እጅ ገብተዋል። ሁለቱንም ይዞ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል ሻጭ በሕግ የሚቆምበት መሠረት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሽያጭ ውል ሻጩን ዕቃውን ለማስረከብ፣ ገዢውን ዋጋውን ለመክፈል ግዴታ ያስገባቸዋል። ውሉ ከተሰረዘ ደግሞ በቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ወደሚገኙበት ሁኔታ ይመለሳሉ። ስለዚህ በእውነት የሚያከራክረው ዋናው ዋጋ ሳይሆን የመመላለሻውን ወጪ ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ይህንንም የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ርክክቡ የት እንዲሆን ተስማምተው ነበር የሚለው ነው። ውሉ ስለ ቦታው ዝም ካለ ሕጉ በመርሕ ደረጃ ግዴታው የሚፈጸመው በባለዕዳው ቦታ ነው ይላል፤ በእኛ ጉዳይ ባለዕዳው ሻጩ ስለሆነ ቦታው አዲስ አበባ ይሆናል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሻጩ «ለአጓጓዥ በመስጠቴ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ለመከራከር በር ያገኝ ነበር። ነገር ግን «ይጁቤ ድረስ እናደርሳለን» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ያንን በር ዘጋው። አጓጓዡ በሻጩ ስም የሚሠራ፣ ሻጩም ለአጓጓዡ ስሕተት ለገዢዋ የሚመልስ ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ ርክክቡ ያልተሳካው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ከወሬ ሳይሆን ከወረቀት ማወቅ ይቻላል። እኅቴን «በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የማጓጓዣ ደረሰኝ ፎቶግራፍ ጠይቂ» አልኋት። ደረሰኙ ሲመጣ የስልኳ የመጨረሻ አኃዝ 7 መሆን ሲገባው 1 ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። አጓጓዡ በእርግጥ ሦስት ጊዜ ደውሏል፤ የደወለው ግን ለሌላ ሰው ነው። በቴሌግራሙ መልእክት ላይ እኅቴ የጻፈችው ቁጥር ትክክል ስለነበር፣ ስሕተቱ የሻጩ መሆኑ ተረጋገጠ። አድራሻውን ያሳሳተችው፣ ወይም ተጠርታ ያልሄደችው እርሷ ብትሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር፤ ሁለተኛውን ማጓጓዣ መክፈል፣ ወይም ውሉ ሲሰረዝ የሻጩ ኪሣራ ከሚመለሰው ገንዘብ ላይ መታሰቡን መቀበል ይጠበቅባት ነበር። ያኔም ቢሆን ሻጩ 3,400 ብሩን በሙሉ የሚያስቀርበት ምክንያት አይኖረውም።

ሁለቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ገዢው ምርጫውን በግልጽ መናገር አለበት። ሕጉ ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አያስኬድም። «ወይ ዕቃውን ላክልኝ ወይ ብሬን መልስ» የሚል መልእክት ለሻጩ የማዘግያ ሰበብ ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ በቁጥር 1772 መሠረት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ያልሰጠ ሰው የሌላውን ውል አለመፈጸም ሊጠቅስ አይችልም። በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ ቀነ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቀኑ ካለፈ ገዢው ራሱ ውሉን ለመሰረዝ ይችላል። እኅቴ መነጽሩን ትፈልገው ስለነበር የሚከተለውን ጻፈች፦

«በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ስልክ የእኔ አይደለም፤ ትክክለኛውን ልኬላችሁ ነበር። መነጽሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በ10 ቀን ውስጥ ይጁቤ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ውሉን ሰርዣለሁ፤ 3,700 ብሩም በከፈልሁበት የቴሌብር ቁጥር ይመለስልኝ።»

ከመልእክቱ ጋር የክፍያውን የግብይት ቁጥር፣ የቀደመውን የአድራሻ መልእክትና የደረሰኙን ፎቶግራፍ አያያዘች። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወረቀት አይደለም ተብሎ ብቻ አይጣልም። መነጽሩ በስምንተኛው ቀን ደረሰ። ባይደርስ ኖሮ፣ ርክክቡ ይጁቤ እንዲሆን ስለተስማሙ፣ ውሉ በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ትችል ነበር፤ ለ3,700 ብር አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አይጠበቅባትም።

ዕቃው ከውጭ አገር በፖስታ ሲመጣ ግን አካሄዱ በከፊል ይለያል። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል በሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት፣ የፖስታ ዕቃ ለትክክለኛው ተቀባይ እስኪሰጥ ድረስ የላኪው ንብረት ነው። የመመለሻ መመሪያ የሚሰጠውም፣ ለጠፋ ዕቃ ካሣ የሚያገኘውም በመርሕ ደረጃ ላኪው ነው፤ ላኪው ይህን መብቱን ለተቀባዩ ሊተውለት ግን ይችላል። ስለዚህ ገዢው በፖስታ ቤቱ መስኮት ገንዘቡን ቢጠይቅ አያገኝም፤ ጥያቄው ለሻጩ ነው። በሚመለሰው ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ምክንያቱን ያመለክታል፦ ተቀባዩ አይታወቅም፣ አድራሻው አልተሟላም፣ አልተወሰደም፣ ተቀባዩ እምቢ ብሏል። የዚህን ወረቀት ፎቶግራፍ ከሻጩ መጠየቅ የእኅቴን ደረሰኝ ያህል ይጠቅማል።

በመጨረሻ ከአንድ ወጥመድ ላስጠንቅቃችሁ። ዕቃው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በዚያው የመከታተያ ቁጥር ነው። ሻጩ ሲረከበው ስክሪኑ ላይ «ተረክቧል» የሚል ይወጣል፤ ሻጩም ያንን ለእናንተ እንደ ደረሰ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። የቃሉን ሳይሆን የቦታውን ዓምድ አንብቡ። የመጨረሻው ርክክብ የተመዘገበው በሻጩ ከተማ ከሆነ፣ ያ መስመር ዕቃው በእጁ እንዳለ የሚመሰክርበት የእናንተ ማስረጃ ነው። ገጹ ሳይለወጥ በዚያው ቀን ፎቶግራፍ አንሡት፤ ቀነ ገደብ ያለበትንም ማስጠንቀቂያ ከእርሱ ጋር ላኩ።