የወር ደመወዝን ማረጋገጥ፦ እያንዳንዱ ተቀናሽ በየትኛው መነሻ ላይ ይሰላል?

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ በየፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ይዘጋጃል። ዝርዝሩ ከአዘጋጁ ወደ አረጋጋጩ፣ ከአረጋጋጩም ወደ አጽዳቂው ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ የሚያረጋግጠው ሰው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በመጨረሻው ዐምድ፣ ማለትም በተጣራ ተከፋይ ላይ ነው። አኃዙ ካለፈው ወር ጋር ከተቀራረበና ድምሩ ከገጠመ ፊርማው ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የተጣራው ተከፋይ ትክክል መስሎ እየታየ በውስጡ ሁለት ስሕተቶች ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ስሕተቶቹ እንዴት እንደሚፈጠሩና በምን እንደሚታወቁ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

ሦስት መነሻዎች

በአንድ ሠራተኛ የደመወዝ መስመር ላይ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ሦስት መነሻ አኃዞች አሉ። የመጀመሪያው መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ይኸውም በቅጥር ውሉ ላይ ለመደበኛ ሥራ የተወሰነው፣ አበል ያልተጨመረበት ክፍያ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ክፍያ ነው፤ መሠረታዊው ደመወዝና ሠራተኛው በወሩ ያገኛቸው አበሎች በሙሉ ተደምረው ይገኛል። ሦስተኛው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ሲሆን፣ ከጥቅሉ ክፍያ ላይ በሕግና በመመሪያ ከግብር ነፃ የተደረገው ብቻ ተቀንሶ የሚቀረው ነው።

የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመጀመሪያው መነሻ፣ በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የታቀፈ ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ይቀነስበታል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ በጀት 11 በመቶ ይጨምራል። የአሠሪው 11 በመቶ የአሠሪው ወጪ እንጂ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቀነስ አይደለም።

የሥራ ግብር የሚሰላው ግን በሦስተኛው መነሻ ላይ ነው። በሀገራችን ሕግ ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ አይቀንስም። ስለዚህ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቀነሱ በፊት ባለው አኃዝ ነው። በሌሎች ሀገሮች የጡረታ መዋጮ ቀድሞ የሚቀነስበት አሠራር በመኖሩ፣ ከውጭ የመጣ የሒሳብ ሶፍትዌር ወይም የሌላ ሀገር ናሙና የሚጠቀሙ ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ነጥብ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ከሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው ሕግ መሠረት የወር ገቢ እርከኖችና የማስከፈያ ልኮች የሚከተሉት ናቸው፦

እስከ 2,000 ብር፦ ከግብር ነፃ
ከ2,001 እስከ 4,000 ብር፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300 ብር
ከ4,001 እስከ 7,000 ብር፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500 ብር
ከ7,001 እስከ 10,000 ብር፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850 ብር
ከ10,001 እስከ 14,000 ብር፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350 ብር
ከ14,000 ብር በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050 ብር

«ተቀናሽ» የተባለው አኃዝ ስሌቱን ለማሳጠር የተዘጋጀ ነው። ገቢው በሙሉ በከፍተኛው ልክ ከተባዛ በኋላ፣ በታችኞቹ እርከኖች ላይ ከሚገባው በላይ የታሰበውን መልሶ ያነሣል።

አንድ ምሳሌ

በአንድ የውኃ ልማት ፕሮጀክት የምትሠራ ባለሙያ አለች እንበል። መሠረታዊ ደመወዟ 12,000 ብር፣ የኃላፊነት አበሏ 1,500 ብር፣ የመጓጓዣ አበሏ 600 ብር ነው። የኃላፊነት አበሉ ግብር ይከፈልበታል፤ የመጓጓዣ አበሉ ግን በመመሪያ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች በመሆኑ ነፃ ነው።

ጥቅል ክፍያዋ 14,100 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ነፃ የሆነው 600 ብር ሲነሣ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢዋ 13,500 ብር ነው። ይህ አኃዝ በ30 በመቶው እርከን ውስጥ ይወድቃል። 13,500 በ30 በመቶ ሲባዛ 4,050 ብር ይሆናል፤ ከእርሱ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,700 ብር ነው። ስሌቱን ለማረጋገጥ እርከን በእርከን መሄድ ይቻላል፦ ከመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም፣ ከሚቀጥለው 2,000 ብር 300፣ ከሚቀጥለው 3,000 ብር 600፣ ከዚያ በኋላ ካለው 3,000 ብር 750፣ ከቀሪው 3,500 ብር 1,050 ብር ይገኛል። ድምሩ እንደገና 2,700 ብር ነው።

የጡረታ መዋጮዋ ከ12,000 ብር ላይ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ነው። ስለዚህ ከ14,100 ብር ላይ 2,700 እና 840 ሲቀነሱ የተጣራ ተከፋይዋ 10,560 ብር ይሆናል። የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተቀናሽ ወይም ሌላ የግል ተቀናሽ ቢኖርባት የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ግብሩን አይቀንስም።

የተደበቀው ስሕተት

አሁን ደግሞ የዚህችው ባለሙያ ደመወዝ በሁለት ቦታ ተሳስቶ ተሠራ እንበል። አዘጋጁ ጡረታውን በመሠረታዊው ደመወዝ ፈንታ በጥቅሉ ክፍያ ላይ አሰላው፤ 14,100 በ7 በመቶ ሲባዛ 987 ብር ሆነ። ቀጥሎም ይህን 987 ብር ከጥቅሉ ቀንሶ፣ በቀረው 13,113 ብር ላይ ግብሩን አሰላ። በ30 በመቶ ተባዝቶና 1,350 ተቀንሶለት ግብሩ 2,583.90 ብር ሆነ። የተጣራው ተከፋይም 10,529.10 ብር ወጣ።

ከትክክለኛው 10,560 ብር ጋር ያለው ልዩነት 30.90 ብር ብቻ ነው። ዓይኑን በመጨረሻው ዐምድ ላይ ብቻ ያሳረፈ አረጋጋጭ በዚህ አይጠራጠርም። ነገር ግን ልዩነቱ ያነሰው ስሕተቱ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሁለት ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተገፋፉ ነው። ጡረታው በ147 ብር በዝቷል፤ ግብሩ በ116.10 ብር አንሷል። የሁለቱ ልዩነት 30.90 ብር ሆኖ ቀረ።

ይህ ለ12 ወራት ቢቀጥል፣ ከአንዲት ሠራተኛ ብቻ 1,393.20 ብር ግብር ሳይቀነስ ይቀራል። ሳይቀነስ ለቀረ ግብር በሕግ ተጠያቂው ቀናሹ አሠሪ በመሆኑ፣ ሒሳቡ በምርመራ ጊዜ ከነቅጣቱና ከወለዱ የሚመጣው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነው። በሌላ በኩል 1,764 ብር ያለአግባብ ለጡረታ ገብቷል። አሠሪውም 11 በመቶውን በዚያው በተሳሳተ መነሻ ላይ ካሰላ በ1,320 ብር ፈንታ 1,551 ብር ስለሚከፍል፣ በዓመት 2,772 ብር የፕሮጀክት በጀት ያለአግባብ ይወጣል።

ድምር ማመሳከር የሚያሳየውና የማያሳየው

በሒሳብ ክፍሎች የተለመደ አንድ ማመሳከሪያ አለ። የተጣራው ተከፋይ፣ ግብሩ፣ የሠራተኛውና የአሠሪው ጡረታ ሲደመሩ፣ ከጥቅሉ ክፍያና ከአሠሪው መዋጮ ድምር ጋር እኩል መሆን አለባቸው። በምሳሌያችን 10,560፣ 2,700፣ 840 እና 1,320 ሲደመሩ 15,420 ብር ነው፤ 14,100 እና 1,320 ሲደመሩም እንዲሁ 15,420 ብር ነው።

ይሁን እንጂ የተሳሳተው ስሌት በዚህ ፈተና ሲመዘን እርሱም ያልፋል። 10,529.10፣ 2,583.90፣ 987 እና 1,551 ሲደመሩ 15,651 ብር ይሆናሉ፤ 14,100 እና 1,551 ሲደመሩም 15,651 ናቸው። ይህ ማመሳከሪያ የመደመር ግድፈትንና የተዘለለ መስመርን ያጋልጣል፤ ስሌቱ የቆመበት መነሻ የተሳሳተ መሆኑን ግን አያሳይም።

መነሻውን ለመፈተን ሌሎች ሁለት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የጡረታውን ዐምድ ድምር በመሠረታዊ ደመወዝ ዐምድ ድምር ማካፈል ነው። በዝርዝሩ ያሉት ሁሉ በጡረታ የታቀፉ ከሆነ ውጤቱ ልክ 7 በመቶ መሆን አለበት፤ ያልታቀፉ ካሉ ደመወዛቸው አስቀድሞ ከድምሩ ይነሣል። በተሳሳተው ስሌት 987 ለ12,000 ሲካፈል 8.225 በመቶ ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ሁለተኛው እርምጃ ግብሩን ይመለከታል። ግብር በእርከን ስለሚያድግ በዐምድ ድምር ሊፈተን አይችልም፤ በየሰው መፈተን አለበት። ከየእርከኑ አንድ ሠራተኛ መርጦ፣ የዝርዝሩን አዘጋጅ ቀመር ሳይመለከቱ በእጅ ማስላት በቂ ነው። ቀመሩ ለሁሉም አንድ ከሆነ በአንዱ ላይ የተገኘ ስሕተት በሌሎቹም ላይ አለና።

በዚህ ፈተና የሚገኝ ሌላም ስሕተት አለ፤ እርሱም ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. በፊት የነበረው ሠንጠረዥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ ያለ ገቢ 35 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ተቀናሹም 1,500 ብር ነበር። በዚያ ሒሳብ የባለሙያዋ ግብር 3,225 ብር ስለሚሆን፣ በየወሩ 525 ብር ያለአግባብ ይቀነስባታል። ስለዚህ በቀመሩ ውስጥ 1,500 የሚል ተቀናሽ ከታየ ሠንጠረዡ አሮጌ ነው።

ስሕተት ሲገኝ

ስሕተቱ ሲታወቅ ለባለሙያዋ በየወሩ የጎደላትን 30.90 ብር፣ በዓመት 370.80 ብር ከፍሎ መዝጋት ይቀናል። ይህ ግን ሠራተኛዋን ብቻ ያስማማል እንጂ ሒሳቡን አያስተካክልም። የግብሩ ጉድለት ለግብር ሰብሳቢው ገና አልተከፈለም፤ የጡረታው ትርፍም በጡረታ ተቋሙ ዘንድ ተቀምጧል። በዚያ የተመዘገበው የደመወዝ መጠንም ከቅጥር ውሏ ጋር አይገጥምም። የጡረታ አበል የሚሰላው ከጡረታ መውጫ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ በመሆኑ፣ ይህ አለመግጠም የሚያስቸግረው መብቷን በምትጠይቅበት ዕለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በየወሩ ተለይቶ መዘርዘርና ለሁለቱም ተቋማት በየራሱ የማስተካከያ ማስታወቂያ መቅረብ አለበት።

ሠራተኛውም በበኩሉ የደመወዝ ወረቀቱን ሲቀበል ከተጣራው ተከፋይ በፊት ሁለት መስመሮችን ይመልከት። ጡረታው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ መሆኑን፣ ግብሩም ጡረታው ሳይቀነስ የተሰላ መሆኑን ያረጋግጥ። እነዚህ ሁለቱ ትክክል ከሆኑና ጥቅሉ ከውሉ ጋር ከገጠመ፣ የመጨረሻው አኃዝ በመቀነስ ብቻ ይገኛል።