የማባዣ ረድፎች ወደ ግራ የሚሸጋሸጉት ለምንድን ነው?

347ን በ206 እናባዛ። በ6 ስናባዛ የመጀመሪያው ረድፍ 2082 ይሆናል። በአስር ቤት ያለው ዜሮ የሚሰጠን ባዶ ረድፍ ነው። በ2 ስናባዛ 694 እናገኛለን፤ ሆኖም ይህ 2 በመቶ ቤት ስለተቀመጠ ዋጋው 200 ነው፣ እውነተኛው ብዜትም 69400 ነው። ረድፉን ወደ ግራ ስናሸጋሽግ እነዚያን ሁለት ዜሮዎች ሳንጽፍ ቦታቸውን እንጠብቃለን። ከቤት ወደ ቤት ዋጋው አስር እጥፍ ስለሚያድግ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከቀዳሚው አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ባዶው ረድፍም ቢሆን ይቆጠራል። ሁለቱን ስንደምር 71482 ይሆናል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ባዶውን ረድፍ ዘልዬ 694ን አንድ ቦታ ብቻ በማሸጋሸጌ 9022 አግኝቻለሁ። 300 በ200 ብቻውን 60000 መሆኑን አስቀድሜ ባሰላ ኖሮ ስሕተቱ ወዲያው በታየኝ ነበር።