ባንክ የማይደርሰው ዶላር

እስከ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያው ሰሞን በጥቁር ገበያ ዋጋው ከ100 ብር በላይ ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው ብር ይዘው በሚንቀሳቀሱት መንዛሪዎች ላይ ነው። ልዩነቱ ግን የሚወለደው እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

መንግሥት የዶላርን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሲተምን ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። መግዛት የሚፈልገው ይበዛል፣ ለመሸጥ የሚመጣው ይቀንሳል። ባንክ ዋጋ መጨመር ስለማይችል ያለችውን በወረፋ ያድላል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ቅድሚያ ያገኛሉ። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣው ነጋዴ ኤልሲ ለመክፈት ተመዝግቦ ወራት ይጠብቃል። እስከዚያው መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ኪራይና ደሞዝ ግን አይቆሙም። ስለዚህ ዛሬ ለሚያገኘው ዶላር ከ57 ብር በላይ ቢከፍልም ያዋጣዋል። ትይዩ ገበያ የሚባለው ዋጋ መነሻው ይህ ነው።

አሁን ሻጩን እንይ። ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ሴት ደሴ ላሉት እናቷ 500 ዶላር መላክ ፈለገች እንበል። በባንክ ብትልክ እናትየው 28,500 ብር ይደርሳቸዋል። በጥቁር ገበያ አንዱ ዶላር 110 ብር ከሆነ ግን 55,000 ብር ያገኛሉ። የ26,500 ብር ልዩነት ለጤፍና ለቤት ኪራይ ትልቅ ነገር ነው። ልጅቱ 500 ዶላሩን እዚያው አሜሪካ ላለ ሐዋላ ሠሪ ትሰጣለች። አዲስ አበባ ያለው ሸሪኩ ደግሞ ከአስመጪው ነጋዴ ብር ተቀብሎ ለእናትየው ያስገባላቸዋል። አሜሪካ ያለው ሰው በበኩሉ የነጋዴውን ዕዳ ቻይና ወይም ዱባይ ላለው ዕቃ አቅራቢ ይከፍላል። ብሩ ከኢትዮጵያ አልወጣም፣ ዶላሩም ኢትዮጵያ አልገባም። ሁሉም ጉዳዩን ጨርሷል፤ ባንኩ ግን 500 ዶላር ቀርቶበታል። ወረፋው በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ወረፋው ሲረዝም ደግሞ የጥቁር ገበያው ዋጋ ይወጣል። ልዩነቱ ራሱን እየመገበ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው።

ላኪው ነጋዴም ከዚህ አይርቅም። በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ላኪዎች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ ታዘው ነበር፤ ለራሳቸው የሚቀረው 20 በመቶ ነበር። ያቺ የቀረችው ዶላር ከቡናውና ከሰሊጡ ትርፍ በልጣ ተገኘች። አንዳንዱ ሰሊጥን አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ ይሸጥና፣ ኪሳራውን በዶላሩ ባስመጣው ዕቃ ላይ ያወጣዋል። ከውጭ የመጣ ዕቃ መርካቶ ውስጥ በአብዛኛው የሚተመነው በውዱ ምንዛሪ ነውና። በ57 ብር ዶላር ያገኘ ሰውም ዕቃውን በ57 ብር ስሌት የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ርካሹ ተመን ሸማቹን ይጠብቃል ተብሎ ነበር፤ በተግባር የጠቀመው ግን ዶላሩ የደረሰውን ሰው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያኑ ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን ከ74 ብር በላይ መግዛት ጀመረ፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዋጋው ከ100 ብር አለፈ። ለብሔራዊ ባንክ የማስረከቡ ግዴታም ቀረ። ልዩነቱ በጣም ጠበበ፤ ጥቁር ገበያው ግን አልጠፋም።

ያልጠፋው ልዩነቱ ሁለት አካል ስላለው ነው። አንደኛው የዋጋ ነው፤ እሱን ተመኑን ማስተካከል ያቃልለዋል። ሁለተኛው የፈቃድ ነው። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ቀረጥ ለመቀነስ 60 ሺህ ብሎ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ቀሪውን 40 ሺህ ከባንክ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሰነዱ አይፈቅድለትምና። ኮንትሮባንድ የሚያስገባውም፣ ሀብቱን አሽሽቶ ውጭ አገር ቤት የሚገዛውም እንዲሁ ነው። እነዚህ የባንክ ዋጋ ምንም ያህል ቢስተካከል ወደ ጥቁር ገበያው ይሄዳሉ። ሕጋዊው አስመጪም ባንክ ዶላር የለኝም ካለው፣ ወይም በኮሚሽንና በተያዥ ገንዘብ ካስወደደበት ተከትሏቸው ይሄዳል።

ስለዚህ ትይዩ ገበያው እየከሰመ ነው ወይስ እያገረሸ የሚለውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ባንኩ የለጠፈውን ተመን ብቻ አይይ። የተሟላ ሰነድ የያዘ አስመጪ በዚያ ተመን ዶላር ለማግኘት ስንት ሳምንት ይጠብቃል? በላዩስ ስንት ተጨማሪ ይከፍላል? መጠበቁ ከረዘመና ተጨማሪው ከበዛ፣ የተለጠፈው ቁጥር የዶላር እውነተኛ ዋጋ አይደለም ማለት ነው።