በስህተት የገባ ብር የማን ነው?

አንዲት ነጋዴ በሞባይል ባንክ ገንዘብ ስትልክ አንድ ቁጥር ተሳሳተችና 8,000 ብር ወደማታውቀው ሰው ሒሳብ ገባ። ሰውየው አልሰረቀም፤ ከእሷም ጋር ውል የለውም። ታዲያ በምን ይጠየቃል?

መልሱ ከውልም ከጥፋትም የተለየ ነው፤ ያላግባብ መበልፀግ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2162 የሚጠይቀው ተቀባዩ መጠቀሙን፣ ጥቅሙ ከሌላው ሀብት ወይም ድካም መምጣቱን፣ በቂ ምክንያት አለመኖሩን ነው። ማጥፋቱ አይጠየቅም።

የሚመልሰውም የተጠቀመውን ያህል ነው። ጥያቄው ሳይቀርብለት ጥቅሙ በእጁ እንደሌለ ካስረዳ ሊድን ይችላል። የሰው ብር መሆኑን እያወቀ ከበተነው ግን «ጨርሼዋለሁ» ማለት አያድነውም። እሷም ዕዳ እንደሌለባት እያወቀች በፈቃዷ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ማስመለስ አትችልም ነበር።