መጽሐፉን ከድኖ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ብራንስፎርድ እና ማርሻ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አሰሙ። በጽሑፉ ውስጥ አንድም ከባድ ቃል አልነበረም። ዕቃዎቹን በየዓይነታቸው ስለ መለየት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ስላለማብዛት፣ ሥራው ሲያልቅ እንደገና ለይቶ በየቦታው ስለ ማስቀመጥ ይናገራል። ሰሚዎቹ ግን ስለ ምን እንደሚወራ ግራ ገባቸው። ጉዳዩ ልብስ ማጠብ ነበር። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች ከጽሑፉ 18 ሐሳቦች ወደ 6 የሚጠጉትን ሲያስታውሱ፣ ያልተነገራቸው 3 እንኳ አልሞላላቸውም። የሚገርመው ደግሞ፣ ርዕሱ ጽሑፉን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ የተነገራቸውም ከነጭራሹ ካልተነገራቸው አለመሻላቸው ነው።

ብዙ ተማሪ ወፍራም የትምህርት መጽሐፍ የሚያነበው እንደ እነዚያ ሰሚዎች ነው። ከምዕራፉ የመጀመሪያ መስመር ይነሳል፣ በሃይላይተር እያቀለመ ይወርዳል፣ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚገባው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተረስተዋል።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንሲስ ሮቢንሰን በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ችግር አምስት ደረጃ ያለው የአነባበብ ዘዴ አቀረበ። መቃኘት፣ መጠየቅ፣ ማንበብ፣ በቃል መመለስ፣ መከለስ። ዘዴው በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቱ «ኤስ ኪው ስሪ አር» ተብሎ ዛሬም ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ገቢዎች ይነገራል። ብዙዎች ስሙን ያውቁታል፤ እንደ ታዘዘው የሚሠሩበት ግን ጥቂት ናቸው። ምክንያቱም አራተኛው ደረጃ ያማል።

አንዲት የሕክምና ተማሪ ከፊዚዮሎጂ መጽሐፏ ስለ ኩላሊት የሚናገረውን ምዕራፍ ልታነብ ተቀመጠች እንበል። ምዕራፉ ሃያ ገጽ ይሆናል። መጀመሪያ የምታደርገው ንዑስ ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹን ከነመግለጫቸውና በመጨረሻ ያለውን ማጠቃለያ በዓይኗ መቃኘት ነው። ሮቢንሰን ለዚህ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አልፈቀደም። ቁጥርና ሥዕል ለበዛበት ምዕራፍ አምስት ደቂቃ ቢወስድም ክፋት የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ቅኝቱ ራሱ ንባብ ሆኗል ማለት ነው። ከቅኝቱ የምትይዘው ትንሽ ነገር ነው፦ ኩላሊት መጀመሪያ ደሙን ያጣራል፣ ከዚያ አብዛኛውን ፈሳሽ መልሶ ይወስዳል፣ የቀረው ሽንት ይሆናል። ዝርዝሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

በቅኝቱ ወቅት ሁለት ቁጥሮች ዓይኗን ይስቧታል። በቀን የሚጣራው ፈሳሽ 180 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ የሚወጣው ሽንት ግን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ርዕስ «የደም መጣራት» ቢሆን፣ «የደም መጣራት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ምንም ዓይነት መልስ ይበቃዋልና አእምሮን አያሠራም። «ፈሳሹን ከደም ሥሩ የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው? የሚገታውስ? በሰውነት ውስጥ ያለው የደም ፕላዝማ 3 ሊትር ያህል ብቻ ሆኖ 180 ሊትር ከየት ይመጣል?» የሚለው ግን መልሱ ሲገኝ መገኘቱ የሚታወቅ ጥያቄ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንሳቱ አንድ ትርፍ አለው፤ ከመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ሊመልሰው አይችልም።

አሁን ያንን አንድ ክፍል ብቻ ታነባለች፤ ምናልባት ሁለት ገጽ ነው። እያነበበች ማስታወሻ አትይዝም፣ አታሰምርም። ክፍሉ ሲያልቅ መጽሐፉን ትከድንና መልሱን ድምፅ አውጥታ ትናገራለች። በኩላሊቱ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው የደም ግፊት 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሆኖ ፈሳሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ደም ውስጥ የቀሩት ፕሮቲኖች በ32 ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ከውጭ የተጠራቀመው ፈሳሽም በ18 መልሶ ይጫናል። ለማጣራት የሚተርፈው ጉልበት 10 ብቻ ነው። 180 ሊትር የሚሞላው ያው ፕላዝማ በቀን 60 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ ስለሚጣራ ነው።

18ቱ ከየት እንደመጣ ጠፍቷት ቢሆንስ? መጽሐፉን ገልጣ ያቺን ነጥብ ብቻ አይታ፣ መልሳ ከድና እንደገና ትሞክራለች። ማስታወሻ የምትጽፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከሁለት መስመር ባልበለጠ፦ «ገፊ 60፤ ተቃዋሚ 32 እና 18፤ ትርፍ 10። ፕላዝማው በቀን 60 ጊዜ።» ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች።

የዘዴው ልብ ይህ ክድን ያለ መጽሐፍ ነው። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ጽሑፍ ደግሞ ካነበቡት በኋላ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ በተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ደጋግሞ የሚያነብ ተማሪ ሁሉን ያወቀ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚያች ሰዓት በእርግጥም ያውቃል።

ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማጠቃለያው ላይ ነው። በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ስልቶችን ሲመዝኑ፣ ማቅለምንና ደግሞ ማንበብን ብቻ ሳይሆን ማጠቃለያ መጻፍንም ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑት መድበውታል። አብዛኛው ተማሪ ሳይሠለጥን በደንብ ማጠቃለል አይችልም። መጽሐፉን ገልጦ የሚጽፍ ሰው ማጠቃለያው የቅጂ ሥራ ይሆንበታል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ማስታወሻው ውስጥ የመጽሐፉ ሐረጎች እንዳሉ ከተገኙ ወይም ማስታወሻው የክፍሉን ግማሽ ያህል ከረዘመ፣ እጅ እንጂ ጭንቅላት አልሠራም። ራስን ሳያዩ መፈተን ግን በዚያው ግምገማ ከፍተኛውን ደረጃ አግኝቷል።

ለሁሉም ምዕራፍ አንድ ዓይነት አሠራር አይበቃም። በሒሳብና በፊዚክስ «በቃል መመለስ» ማለት የተሠራውን ምሳሌ ሸፍኖ ከባዶ ወረቀት መሥራት ነው፤ እርምጃዎቹን በወሬ መዘርዘር አይቆጠርም። ክፍሉ ከሦስት ገጽ በላይ ከሆነም ንዑስ ርዕስ ባይኖረውም ከመካከል መቁረጥ ይሻላል፣ አለበለዚያ ሲከድኑት የሚቀረው ጭጋግ ነው። ቅኝቱ ላይ ከንዑስ ርዕሶቹ ግማሽ ያህሉ ፈጽሞ ባዕድ ከሆኑ ደግሞ ችግሩ የአነባበብ አይደለም። የኦስሞሲስን ምንነት ለማያውቅ ተማሪ የኩላሊቱ ምዕራፍ ስንት ጊዜ ቢከደን አይገባውም፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ማንበብ አለበት።

የጊዜው ነገር ብዙዎችን ያስፈራል። በዚህ መንገድ የሚነበብ ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ከሚነበበው በእርግጥ ይረዝማል። የሚቆጥበው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ንባብ ነው። ምዕራፉ እንዳለቀ ተማሪዋ ማስታወሻዎቿን ሸፍና ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች አምስት ደቂቃ ታህል ትዘረዝራለች። በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ታነሳለች፦ 60፣ 32፣ 18። ሦስቱም ከነምክንያታቸው ከመጡ ያንን ክፍል አልፋ፣ መልሱ ወደ ጠፋባት ክፍል ብቻ ትመለሳለች።