«ቅባት ብቻ ነው የተቀባሁት»

ስለ ቆዳው ለሐኪም ስልክ የሚደውል ሰው «እስካሁን ምን መድኃኒት ወሰዱ?» ሲባል ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ሐኪሙ «የተቀቡት ነገርስ የለም?» ብሎ ሲመለስበት ግን ጎረቤት ያዋሰችው ቲዩብ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክሬም፣ ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት አንድ በአንድ ይወጣል። መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ነው፣ የሚቀባው አይቆጠርም የሚለው እምነት ሰውን ለወራት ያንከራትታል።

ጭርት ጥሩ ማሳያ ነው። ጭርት ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀረፈፋል፣ መሃሉ እየጠራ ይሄዳል፣ ያሳክካል። ይህን በደንብ የነገሩት ሐኪም ቆዳውን ሳያይም ፈንገስ መጠርጠሩ አይቀርም። አሁን አንድ ወጣት ጭኑ ላይ ጭርት ወጥቶበት ክሎቤታሶል ተቀባ እንበል። ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል፤ ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ጋብ ይላል፣ ቅርፊቱም ይቀንሳል። ፈንገሱ ግን አልሞተም። እንዲያውም የሚቋቋመው የሰውነት መከላከያ ስለተዳከመለት እንደ ልቡ ይስፋፋል። ቅባቱ ሲቆም ሕመሙ ያገረሻል፤ ወጣቱም «ተሽሎኝ ነበር» ብሎ እንደገና ይቀባል።

በዚህ መሃል የጭርቱ መልክ ይለወጣል። ክብነቱ ይፈርሳል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። ወጣቱ በመጨረሻ ሲደውል «ክብ አይደለም፣ ቅርፊትም የለውም» ይላል። አልዋሸም፤ ቅባቱን ስላልተናገረ ግን ሐኪሙን ከፈንገስ አርቆ ወደ ኤክዜማ ይመራዋል፣ ለኤክዜማ የሚታዘዘው ደግሞ ያው ስቴሮይድ ነው። እንዲህ መልኩን የቀየረ ጭርት በሕክምናው ቲኒያ ኢንኮግኒቶ ይባላል። ብሽሽትን በመሰለ ስስ ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ የማይጠፋ ሸንተረርም ሊተው ይችላል።

«ቅባቱ ረድቶኛል» የሚለው ሰው ስሜቱ አላታለለውም፤ ማሳከኩ በእርግጥ ቀንሷል። ለኤክዜማም ቢሆን ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። የሚያናድደው «ለሚያሳክክ ሁሉ ይሆናል» እያለ ቲዩቡን የሚሸጠውና የሚያዋሰው ነው። ይህን የሚል ሰው ምን እንደሚያደርስ ማወቅ ነበረበት።

ያ ወጣት ቢናገር የሚጠቅመው እንዲህ ነበር፦ «የጀመረኝ በፋሲካ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጭኔ ላይ ሳንቲም ያህል ነበር፤ አሁን ከመዳፍ ይበልጣል፣ ወደ ግራም ተሻግሯል። ያሳክከኛል፣ ሲያልበኝ ይብስብኛል፣ ሕመም ግን የለውም። ክሎቤታሶል የሚል ቅባት በቀን ሁለቴ ለሦስት ሳምንት ተቀባሁ። ስቀባው ይተኛል፣ በተውኩት በአራተኛው ቀን ይነሳል።» ከዚህ ሁሉ ለሐኪሙ ፍንጭ የሚሰጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ሲደወል ቲዩቡ እጅ ላይ ይሁንና ስሙና የፐርሰንት ቁጥሩ ይነበብ። ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን ሁሉም ስቴሮይድ ናቸው፤ ኃይላቸው ግን ይለያያል። ስም በሌለው ዕቃ ተበጥብጦ የተሸጠ ቅባት ከሆነም ይኸው ይነገር።

«ካላሳከከና ካላመመ አያሳስብም» የሚለውም ስህተት ነው። በሥጋ ደዌ የሚወጣው ደብዘዝ ያለ ምልክት ብዙ ጊዜ አያሳክክም፣ አያምም፤ ጥጥ ሲነካውም ላይሰማ ይችላል። ለሐኪሙ መነገር ያለበት ይህ አለመሰማቱ ነው።

«ያሳክካል» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳና ሌላውንም የቤት ሰው የያዘ ማሳከክ እከክን ያስጠረጥራል። አልማዝ ባለጭራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሽፍታው በፊት በአንድ ጎን ብቻ በማቃጠል ይጀምራል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ «ሰሞኑን ነው» ከማለት ይልቅ ቀኑን መናገር ይሻላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላት እንደ ወይን ጠጅ ወይም እንደ ጥቁር ቡኒ ሊታይ ስለሚችል፣ «አልቀላም» ማለት ቁጣ የለም ማለት አይደለም፤ ሲዳሰስ ይሞቅ እንደሆነም ይነገር።

በስልክ የማያልቅም አለ። ያንን ጭርት ለማረጋገጥ ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት ሊኖርበት ይችላል። ከትኩሳት ጋር በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ ትኩስና የሚያም እብጠት፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ አፍና ዓይን ውስጥ የሚወጣ ቁስልና የሚላጥ ቆዳ ከሆነ ግን ስልኩ ይቅርና በቀጥታ ሆስፒታል ይኬድ፤ የተወሰደው መድኃኒትም ከነማሸጊያው አብሮ ይያዝ።